ድሮኑ በ22 ደቂቃ ደረሰ፣ የምርመራ ውጤቱ ግን 5 ቀን ፈጀ

ጥያቄ፦ «ከሦስት የገጠር ክሊኒኮች ወደ አንድ ሆስፒታል ላብራቶሪ በድሮን ናሙና የሚያመላልስ የሙከራ ፕሮጀክት አስተባብራለሁ። አሁን ለለጋሹ የ6 ወር ሪፖርት እያዘጋጀሁ ነው። ካስነሳናቸው 312 በረራዎች 306ቱ ተሳክተዋል፣ 98 በመቶ ማለት ነው። በዝናብና በነፋስ የተሰረዙ 58 በረራዎች ግን አሉ፣ እነሱን አልቆጠርናቸውም። በሞተር 2 ሰዓት ተኩል ይፈጅ የነበረው መንገድ 22 ደቂቃ ሆኗል። ችግሩ ናሙና ከተወሰደ ጀምሮ የምርመራ ውጤቱ ክሊኒኩ እስኪደርስ ያለው ጊዜ ከ6 ቀን ወደ 5 ቀን ብቻ መውረዱ ነው። ሞተረኛው በሳምንት ሁለቴ ነበር የሚመጣው፣ ድሮኑ በየቀኑ ይበራል። ኃላፊዬ ‹የቀኑን ነገር ተወው፣ ደቂቃውን ጻፍ› ይለኛል። ምን ላድርግ?»

ቀኑን ይጻፉት። ደቂቃውም ይግባ፣ ግን ከቀኑ በኋላ ይምጣ። ምክንያቱ ሐቀኝነት ብቻ አይደለም። ቀኑን ቢደብቁት እንኳ አይደበቅም። የለጋሹ የጤና ባለሙያ የመጀመሪያ ጥያቄው «ታካሚው ውጤቱን መቼ አገኘ?» የሚል ነው። በሪፖርቱ ውስጥ መልሱን ካጣው ሊደብቁት የፈለጉት ነገር እንዳለ ይገባዋል። ከዚያ በኋላ 98 በመቶውንም አያምንዎትም።

ደግሞም አንድ ቀን መቀነሱ ውድቀት አይደለም። ችግሩ ቀኑ ከየት እንደተገኘ ገና አለማወቅዎ ነው። ቁጥሮቹን አብረን እንያቸው። መንገዱ ከ2 ሰዓት ተኩል ወደ 22 ደቂቃ ሲወርድ የተረፈው ጊዜ 2 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ነው። በአጠቃላይ የቀነሰው ግን 24 ሰዓት ነው። የቀሩት 22 ሰዓት ገደማ ከየት መጡ? ከድሮኑ ፍጥነት ሊሆን አይችልም፣ ፍጥነቱ የሰጠውን ሰጥቷል።

የመጡት ከፕሮግራሙ ነው። ሞተረኛው በሳምንት ሁለቴ ሲመጣ ናሙናው ክሊኒክ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቀው ነበር። ሞተረኛው ሰኞና ሐሙስ ይመጣ ነበር ብንል፣ ሐሙስ ከሄደ በኋላ የተወሰደ ናሙና እስከ ሰኞ አራት ቀን ሊጠብቅ ይችላል። ናሙናዎች በየቀኑ እኩል ይወሰዳሉ ብለን ብናሰላው አማካይ ጥበቃው ከአንድ ቀን ተኩል ያልፋል። ድሮኑ በየቀኑ ሲነሳ ይህ ጥበቃ ወደ ግማሽ ቀን ወረደ። ያገኙት አንድ ቀን በዋናነት ይኼ ነው።

ይህ ሲገለጽ የሚቀጥለው ጥያቄ ራሱ ይመጣል። «ታዲያ ሞተረኛው በየቀኑ ቢሄድስ?» ለጋሹ ይህን መጠየቁ አይቀርም፣ ስለዚህ ቀድመው ይመልሱት። የየቀኑ ሞተር ወጪ ስንት ነው? ነዳጅ፣ የሞተረኛ ደመወዝ፣ ጥገና፣ አበል። ይህን በዓመት በሚጓጓዘው ናሙና ብዛት ያካፍሉት። የድሮኑንም ሙሉ ወጪ፣ ማለትም አብራሪዎቹን፣ ባትሪዎቹን፣ መለዋወጫውን፣ ኢንሹራንሱንና የበረራ ፈቃዱን፣ በዚያው የናሙና ብዛት ያካፍሉት። በበረራ አያካፍሉት። አንድ በረራ አራት ናሙናም ሃያ ናሙናም ሊይዝ ይችላል፣ የበረራው ወጪ ግን ብዙም አይለያይም። ሞተሩ ረክሶ ከተገኘ ይጻፉት። የድሮኑን ቦታ የሚያሳየው መንገድ ሲቆረጥ የሚሆነው ነገር ነው፣ ወደዚያ እመለሳለሁ።

አሁን ወደ ቀሩት 5 ቀናት እንምጣ። 5 ቀን 120 ሰዓት ነው። ከዚህ ውስጥ የድሮኑ በረራ 22 ደቂቃ ብቻ ነው፣ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ከዚህ በላይ ፈጣን ድሮን ቢገዙ የሚለወጥ ነገር የለም። መፈለግ ያለብዎት ቀሪው ጊዜ የት እንደሚያልቅ ነው። ለዚህ የሚጠቅመው ቀላል ሥራ ነው። ሠላሳ ወይም አርባ ናሙና በዕጣ ይምረጡና የእያንዳንዱን ሰዓት ከመዝገብ ይከታተሉ። መቼ ተወሰደ፣ ድሮኑ መቼ ተነሳ፣ መቼ አረፈ፣ ላብራቶሪው መቼ መዘገበው፣ መቼ ማሽን ላይ ገባ፣ ውጤቱ መቼ ጸደቀ፣ ክሊኒኩ መቼ ደረሰው።

እንዲህ ዓይነት መዝገብ ሲወጣ ምን እንደሚመስል ለማሳየት አንድ ናሙና እንከተል። ቁጥሮቹ ለማስረዳት ያህል የተቀመጡ ናቸው፣ ድምራቸው ግን የእርስዎን 5 ቀን ነው የሚሰጠው። ናሙናው ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ተወሰደ። ድሮኑ ከቀኑ 8 ሰዓት ተነሳ፣ 8 ሰዓት ከ22 አረፈ። ሳጥኑን ከማረፊያው የሚያነሳው ሰው ሌላ ሥራ ላይ ስለነበር ላብራቶሪ የደረሰው 10 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ናሙና መቀበያው ተዘግቷል። ስለዚህ የተመዘገበው ማክሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል ሆነ። ምርመራው የሚሠራበት ማሽን የሚነሳው በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሰኞና ሐሙስ ነው። ናሙናው እስከ ሐሙስ ጠዋት 3 ሰዓት ጠበቀ። ውጤቱ ዓርብ 5 ሰዓት ላይ ጸደቀና ታተመ። ወረቀቱ ወደ ክሊኒኩ በሚሄድ መኪና ተላከና ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ደረሰ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። መዝገቡን ያየ ሰው መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው መቀበያው ላይ ነው። «ናሙናው ካረፈ በኋላ 19 ሰዓት ያለ ምዝገባ አደረ፣ መቀበያው አምሽቶ ይሥራ» ይላል። ትክክል ይመስላል። ግን ሰኞ ማታ ቢመዘገብ ምን ይለወጥ ነበር? ምንም። ማሽኑ እንደሆነ እስከ ሐሙስ አይነሳም። ናሙናው የሚጠብቅበት ቦታ ብቻ ነው የሚለወጠው። የሰኞው ዙር ደግሞ ጠዋት ስለሚነሳ ናሙናው ገና ክሊኒክ እያለ አምልጦታል። ጊዜውን የያዘው የማሽኑ ፕሮግራም ነው። እሱ ካልተነካ ከፊቱ ያለውን ሁሉ ቢያፋጥኑት ውጤቱ ያው ሐሙስን ይጠብቃል።

መጨረሻ ላይ ያለው ግን ሌላ ነው። ከዓርብ 5 ሰዓት እስከ ቅዳሜ 3 ሰዓት ያለው 22 ሰዓት ምንም ሥራ የማይሠራበት ጊዜ ነው። ውጤቱ ታውቋል፣ ወረቀት ብቻ ነው መንገድ ላይ ያለው። እዚህ የቆረጡት እያንዳንዱ ሰዓት በቀጥታ ለታካሚው ይደርሳል። ከኋላው የሚጠብቀው ወረፋ የለም።

ይህ የእርስዎ ፕሮጀክት ብቻ ያጋጠመው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 ማላዊ ውስጥ የሕፃናት ኤችአይቪ ምርመራ ናሙና በድሮን ለማጓጓዝ ሙከራ ሲጀመር ዩኒሴፍ ያወጣው ቁጥር ይህንኑ ነበር የሚያሳየው። ናሙና ከጤና ጣቢያ ላብራቶሪ ለመድረስ በአማካይ 11 ቀን ይፈጅ ነበር። ውጤቱ ለመመለስ ደግሞ እስከ 8 ሳምንት ይወስድ ነበር። ከመሄጃው ይልቅ መመለሻው ነበር የከፋው። ዛምቢያ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ ጥናት፣ የዚሁ ምርመራ ውጤት በስልክ አጭር መልእክት ለጤና ተቋማቱ እንዲላክ ሲደረግ ውጤቱ እስኪደርስ ያለው አማካይ ጊዜ ከ44 ቀን ወደ 27 ቀን ገደማ ወርዷል። ያለ አንድ በረራ። ይህን የምለው ድሮኑን ለማሳነስ አይደለም። በሁለተኛው የ6 ወር ጊዜ ገንዘቡ የት ቢሄድ ብዙ ቀን እንደሚቆርጥ እንዲታይዎት ነው።

አማካዩን በተመለከተ አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። «5 ቀን» ያሉት አማካይ ከሆነ፣ ጠፍተው ቆይተው በሦስተኛ ሳምንት የተገኙ ጥቂት ውጤቶች ወደ ላይ ጎትተውት ሊሆን ይችላል። ናሙናዎቹን ከፈጣኑ ወደ ዘገምተኛው ደርድረው መሃል ላይ ያለውን ይውሰዱ። ከዚያ ከአሥር ናሙና ዘጠኙ በስንት ቀን ውስጥ እንደደረሱ ይጻፉ። ሁለቱ ቁጥሮች አብረው ከአማካዩ የበለጠ ይናገራሉ።

አሁን ወደ 98 በመቶው። ይህ ቁጥር እንዲህ እንዳለ እንዳይወጣ እለምንዎታለሁ። 306ን ያካፈሉት ለተነሱት በረራዎች ነው። ክሊኒኮቹ የጠበቁት ግን 370 በረራ ነበር፣ 312 ተነስተው 58 ተሰርዘዋል። 306ን ለ370 ሲያካፍሉ 83 በመቶ ገደማ ይመጣል። ሁለቱም ቁጥር እውነት ነው፣ የሚመልሱት ጥያቄ ግን ይለያያል። 98ቱ «ድሮኑ ከተነሳ ይደርሳል ወይ?» ለሚለው ነው። 83ቱ «ነርሷ ድሮን ስትጠብቅ ይመጣላታል ወይ?» ለሚለው ነው። ሁለቱንም ጎን ለጎን ያስቀምጧቸው። ነርሷ ከስድስት ጊዜ አንዴ እንደማይመጣላት ካወቀች ትዘጋጅበታለች። ካላወቀች ናሙናው እጇ ላይ ይበላሻል፣ ቀስ በቀስም ድሮኑን መጠበቅ ትተዋለች።

ከ58ቱ የተሰረዙ በረራዎች ጀርባ ደግሞ ትልቁ ጥያቄ አለ። የድሮን ዋናው መከራከሪያ ዝናብ መንገድ ሲቆርጥ ከላይ ማለፉ ነው። ነገር ግን መንገዱን የሚቆርጠው ዝናብ ድሮኑንም የሚያስቀረው ከሆነ መከራከሪያው ይፈርሳል። ስለዚህ የቀን መቁጠሪያ ያውጡና መንገድ የተዘጋባቸውን ቀናት አንድ በአንድ ያስምሩባቸው። በእነዚያ ቀናት ድሮኑ በረረ ወይስ አልበረረም? ብዙ ጊዜ የሚገኘው ነገር ደስ የሚል ነው። ዝናቡ ለሁለትና ሦስት ሰዓት ወርዶ ያባራል፣ ጭቃው ግን መንገዱን ለቀናት ይዘጋዋል። ድሮኑ ከሰዓት ወይም በማግስቱ ይነሳል፣ ሞተሩ ግን ሳምንቱን ሙሉ አይደርስም። የእርስዎም መዝገብ ይህን ካሳየ ከየቀኑ ሞተር ጋር ለሚነሳው ክርክር ትልቁ መልስዎ እሱ ነው። መዝገቡ ይህን ካላሳየ ደግሞ አሁኑኑ ማወቁ ይሻላል። የተሰረዘ በረራ በማግስቱ ከተነሳም እንደ ዘገየ እንጂ እንደ ቀረ አይቆጠርም፣ ስለዚህ ለይተው ይጻፉት።

ያልተሳኩትን ስድስት በረራዎች በመቶኛ አይሸፍኗቸው። ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ይስጡ። ድሮኑ ተመለሰ? ሌላ ቦታ አረፈ? ወደቀ? ሳጥኑ ተገኘ? ከሁሉ በላይ፣ ውስጡ የነበሩት ናሙናዎች ባለቤቶች ምን ሆኑ? የጠፋ ናሙና ማለት አንዲት እናት ሕፃኗን አዝላ እንደገና ትመጣለች፣ ሕፃኑም እንደገና ይወጋል ማለት ነው። ተጠርተው ድጋሚ ናሙና ሰጥተው እንደሆነ ይጻፉ። ያልተጠሩ ካሉ ሪፖርቱን ከመላክዎ በፊት ያስጠሯቸው። ቱቦዎቹ ላይ ስም ተጽፎባቸው ከነበረም ከአሁን በኋላ በቁጥር ብቻ ይሁን። ማንም ሜዳ ላይ ወድቆ ያገኘው ሳጥን የሰው ምስጢር መያዝ የለበትም።

ለጋሾች ብዙ ጊዜ «መንቀጥቀጡ ደሙን አይጎዳውም ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። እዚህ ላይ የተለመደው ስጋት ቦታውን የሳተ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ጥናት፣ የደም ናሙናዎች በአሪዞና በረሃ ላይ 258 ኪሎ ሜትር፣ ሦስት ሰዓት ያህል በድሮን ተጓዙ። ጥንዶቻቸው መሬት ላይ መኪና ውስጥ ቆዩ። ከ19 የምርመራ ዓይነቶች በ17ቱ ውጤቱ ተመሳሳይ ነበር። የተለያዩት ግሉኮስና ፖታሺየም ነበሩ። ተመራማሪዎቹ እንዳሉት መንስኤው በረራው ሳይሆን የሙቀት ልዩነት ነው፣ የድሮኑ ሳጥን ቀዝቃዛ ነበር፣ መኪናው ውስጥ የቆየው ግን እንደዚያ አልነበረም። ስለዚህ የሚያሰጋው በአየር ላይ ያለው 22 ደቂቃ ሳይሆን ሳጥኑ መነሻው ላይ በፀሐይ የሚቆምበት አንድ ሰዓት ነው። ሳጥኑ ውስጥ ሙቀት መዝጋቢ ያስገቡ። የሚለካው በረራውን ብቻ ሳይሆን ከክሊኒኩ በር እስከ ላብራቶሪው ጠረጴዛ ያለውን ይሁን። ላብራቶሪው ያልተቀበላቸውን ናሙናዎችም ከነምክንያታቸው ይቁጠሩ፦ የደም ሴሉ የተሰባበረ፣ ያፈሰሰ፣ መጠኑ ያነሰ፣ የዘገየ። ይህ ቁጥር ከሞተሩ ዘመን ጋር ካልተነጻጸረ ግን ብቻውን ብዙ አይናገርም።

ናሙናዎቹንም በአንድ ድምር አይጻፏቸው፣ ፍጥነት ለሁሉም እኩል አይጠቅምም። በወረቀት ላይ የደረቀ የደም ጠብታ እርጥበት እንዳይነካው ከታሸገ ለሳምንታት ይቆያል። ጂን ኤክስፐርት ለሚባለው የሳንባ ነቀርሳ መመርመሪያ ማሽን የሚላክ አክታ እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ባለበት ሦስት ቀን ይታገሣል። ለቫይራል ሎድ፣ ማለትም በደም ውስጥ ያለውን የቫይረስ መጠን ለመለካት፣ የሚወሰድ ሙሉ ደም ግን አብዛኛውን ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ ፕላዝማው መለየት አለበት። መለያ ማሽን ለሌለው ክሊኒክ ይህ ማለት በጊዜው የሚያደርሰው መጓጓዣ በሌለበት ቀን ሙሉ ደም መላክ አይቻልም ማለት ነው። ደረቁ ጠብታ ከድሮኑ የሚያተርፈው ጥቂት ነው። ሙሉ ደሙ ግን ሞተረኛው በማይመጣባቸው ቀናት የማይቻል የነበረውን ያገኛል። ከድሮኑ በፊት ያልተላኩ፣ አሁን ግን የሚላኩ ምርመራዎች ካሉ፣ የእርስዎ ትልቁ ስኬት ምናልባት እዚያ ነው ያለው። እሱን ደግሞ የ6 ቀንና የ5 ቀን ንጽጽር ጨርሶ አያሳየውም፣ ምክንያቱም ከዜሮ ጋር የሚነጻጸር ቀን የለም። መዝገቡን ይህን ብለው ይፈትሹት።

ኃላፊዎን በተመለከተ፣ የሚፈሩት ገንዘቡ እንዳይቋረጥ እንደሆነ ይገባኛል። ያላዩት ነገር ግን አለ። የ6 ወር ሪፖርት የበጀት ሽግሽግ መጠየቂያ ነው። ሁሉ ነገር ተሳክቷል ብለው ከጻፉ ምንም ለመለወጥ ምክንያት አይኖርዎትም፣ በቀጣዩ ሪፖርትም ያው 5 ቀን ይጠብቅዎታል። ያኔ ማብራሪያው በጣም ይከብዳል። አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ሪፖርት ለመገምገም ተጠርቼ ነበር። የመጀመሪያው ሪፖርት በደቂቃ የተሞላ ነበር። በመጨረሻው ላይ ቀኑ ሲወጣ የለጋሹ ጥያቄ «ይህን የዛሬ ዓመት ታውቁ ነበር?» የሚል ብቻ ሆነ። ያውቁ ነበር። ለመልሱ የሚሆን ቃል የነበረው ሰው ግን አልነበረም።

እኔ የምመክርዎ ይህ ነው። የሪፖርቱ የመጀመሪያ አንቀጽ እንዲህ ይጀምር፦ «የምርመራ ውጤት የሚደርስበት ጊዜ ከ6 ቀን ወደ 5 ቀን ወርዷል። መጓጓዣው ከእንግዲህ ዋናው መዘግየት አይደለም። ቀሪው ጊዜ የሚያልቀው በላብራቶሪው የዙር ጥበቃና በውጤት መመለሻ ላይ ነው።» ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ያስተውሉት። ሙከራው የተጠየቀውን መመለሱን የሚናገር ትልቅ ግኝት ነው። ሦስተኛውን የሚጽፉት ግን የሠላሳው ናሙና መዝገብ ካረጋገጠው ብቻ ነው። መዝገቡ ሌላ ቦታ ካሳየዎት ያንን ይጻፉ።

መዝገቡ ካረጋገጠው ከዚያ በቀጥታ ሁለት ነገር ይጠይቁ። አንደኛው፣ ውጤት እንደጸደቀ ለክሊኒኩ በስልክ መልእክት እንዲላክና ነርሷ ማየቷን እንድታረጋግጥ። መልእክቱ የናሙና ቁጥር እንጂ ስም አይያዝ። ሁለተኛው፣ ለማሽኑ በሳምንት አንድ ተጨማሪ ዙር የሚሆን የመመርመሪያ ኪትና የባለሙያ ሰዓት። ተጨማሪ ድሮን ለመግዛት የተያዘ ገንዘብ ካለ ወደዚህ እንዲዞር ይጠይቁ። የመንገድ መዘጋት መዝገቡ ሳይወጣ ተጨማሪ ክሊኒክ እጨምራለሁ ብለው ግን ቃል አይግቡ።

አንድ ነገር ብቻ ከመላክዎ በፊት ያድርጉ። የሰዓት መዝገቡን ይዘው ወደ ላብራቶሪው ኃላፊ ይሂዱና አብረው ይዩት። ጣት የተቀሰረበት ሰው ከለጋሽ ሪፖርት ላይ ስሙን ማንበብ የለበትም። ማሽኑ በምሳሌው እንዳለው በሳምንት ሁለቴ ብቻ የሚነሳ ከሆነ በስንፍና ላይሆን ይችላል። ዙሩ ሳይሞላ ቢነሳ ውድ ኪት ይባክናል፣ በጀቱ ደግሞ ተቆጥሮ የተሰጠ ነው። ይህን ከእሳቸው አፍ ሰምተው ሪፖርቱ ውስጥ በእሳቸው አገላለጽ ይጻፉት። ተጨማሪውን ዙር የሚያስነሱት እሳቸው ናቸውና ጥያቄው የሁለታችሁም ሆኖ ይሂድ።